«ኢንሱሊን የመጨረሻ አማራጭ ነው» የሚለው እምነት ምንድን ነው?

ለስኳር ሕመም እንክብል ከሚወስዱ ሰዎች አንደበት ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፦ «መርፌ ከጀመርኩማ አለቀልኝ።» ከዚህ አባባል በስተጀርባ ያለው እምነት ኢንሱሊን ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል ብቻ የሚታዘዝ፣ አንዴ ከተጀመረም የማይቆም፣ እንዲያውም ዓይንን የሚያጠፋና እግርን የሚያስቆርጥ መድኃኒት ነው የሚል ነው። እምነቱ ብዙ ሰዎች ሕክምናውን ለዓመታት እንዲያዘገዩ ስለሚያደርጋቸው ከየት እንደመጣና የት ላይ እንደሚሳሳት ማየት ይገባል።

ኢንሱሊን ቆሽት ውስጥ የሚገኙ ቤታ ሴሎች የሚያመነጩት ሆርሞን ሲሆን በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች ሴሎች እንዲገባ ያደርጋል። በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት እነዚህን ሴሎች ራሱ ስለሚያወድማቸው ታማሚው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1922 በቶሮንቶ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ እስኪወስድ ድረስ ይህ ሕመም ገዳይ ነበር። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች «የመጨረሻ አማራጭ» የሚለው ቃል ጨርሶ ትርጉም የለውም።

ክርክሩ የሚነሳው በሁለተኛው ዓይነት ላይ ነው። በዚህኛው ሰውነት መጀመሪያ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል፤ ቆሽት ጉድለቱን ለማካካስ አብዝቶ ሲያመነጭ ቆይቶ ቀስ በቀስ አቅሙ ይቀንሳል። ሕመሙን «ጣፋጭ አብዝቶ የበላ ሰው በሽታ» አድርጎ ማየት እዚህ ላይ ይጎዳል። ጣፋጭ መጠጦችን ማዘውተርና ውፍረት ለሕመሙ የሚያጋልጡ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የዘር ውርስ፣ ዕድሜና እንቅስቃሴ ማነስም ድርሻ ስላላቸው ስኳር መብላት ብቻውን ሕመሙን አያስረዳም። ሁሉን ነገር ከምግብ ጥፋት ጋር ያያያዘ ታማሚ ግን መርፌ ሲታዘዝለት እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል፤ ሐኪምም አንዳንዴ «ካልተጠነቀቅክ መርፌ አዝልሃለሁ» እያለ ይህንኑ ስሜት ያጸናል፤ ይህ በእኔ አስተያየት ትልቅ ስሕተት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ52 ዓመት፣ 70 ኪሎ የምትመዝን ሴት ውኃ ጥሙ አላስቀምጥ ብሏት፣ ሌሊት ለሽንት እየተመላለሰች፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ክብደቷ ቀንሶ ትመረመራለች እንበል። ምግብ ሳትቀምስ የተለካው ስኳሯ 310 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኗል፤ ጤናማው ከ100 በታች ነው። እንዲህ ዓይነት ታማሚ ገና ሕመሙ በታወቀበት ቀን ኢንሱሊን ሊታዘዝላት ይችላል። ምክንያቱም በጣም ከፍ ያለ ስኳር ራሱ ቤታ ሴሎችን ያፍናል፤ ከውጭ የሚሰጠው ኢንሱሊን ስኳሩን ሲያወርደው ሴሎቹ እፎይ ብለው በከፊል ሊያገግሙ ይችላሉ።

የተለመደው አጀማመር ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን በቀን አንድ ጊዜ 10 ዩኒት መስጠት ነው። ታማሚዋ በየማለዳው ስኳሯን እየለካች፣ ሐኪሟ በሚሰጣት መመሪያ መሠረት በየሦስት ቀኑ ሁለት ሁለት ዩኒት ትጨምራለች፤ የማለዳው ውጤት ከ80 እስከ 130 ባለው ውስጥ ሲገባ ጭማሪው ይቆማል። እንክብሉ ሜትፎርሚን ደግሞ ኩላሊቷ የሚፈቅድ ከሆነ ጎን ለጎን ይቀጥላል። ከወራት በኋላ ስኳሯ ከተረጋጋ መጠኑ ሊቀነስላት፣ አንዳንዴም መርፌው ቆሞ በእንክብል ብቻ ልትቀጥል ትችላለች። በሌላ በኩል ለብዙ ዓመታት ሕመሙ የቆየበትና ቆሽቱ የደከመ ሰው መርፌውን ላያቆም ይችላል፤ ይህ ግን የሕመሙ ተፈጥሯዊ አካሄድ እንጂ መድኃኒቱ ያመጣው ጥገኝነት አይደለም።

ታዲያ ያሳውራል የሚለው ከየት መጣ? ብዙ ሰው ኢንሱሊን የሚጀምረው ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የዓይንና የእግር ደም ሥሮችን ከጎዳ በኋላ ነው። ጉዳቱ መርፌው ከተጀመረ በኋላ ሲገለጥ ጎረቤትና ዘመድ ጥፋቱን በመርፌው ላይ ይጥላል። በእርግጥ ቀድሞውኑ የተጎዳ ዓይን ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ ለጊዜው ሊባባስ ስለሚችል ዓይንን አስቀድሞ ማስመርመር ይመከራል። በዘላቂነት ሲታይ ግን ዓይንን የሚያድነው የስኳሩ መስተካከል ነው።

ኢንሱሊን የራሱ አደጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ዋናው የስኳር ከልክ በላይ መውረድ ነው። ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ከታዩ፣ ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ፣ መዋጥ የሚችል ታማሚ ወዲያውኑ 15 ግራም ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልተስተካከለ ይደግመዋል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይጨመርም፤ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። እንዲህ ያለው መውረድ ያጋጠመው ሰው ምክንያቱ ካልታወቀ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንስለታል እንጂ ታማሚው በራሱ ፈቃድ መርፌውን አያቋርጥም።