ባዮቻር ለአሸዋማ አሲዳማ አፈር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በሄክታር 10 ቶን ነው አሉ፣ ለኔ መሬት ስንት ይሆናል?»

ባዮቻር ማለት አፈር ውስጥ የሚቀላቀል ከሰል ነው፣ 10 ቶን በሄክታር ደግሞ በካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ማለት ነው፣ እዚህ ድረስ ቀላል ነው። እስቲ ርብ ወይ ጉማራ ወንዝ ዳር ያለች አሸዋማ የሽንኩርት ማሳ እንያዝ፣ 10 ሜትር በ20፣ ፒኤቿ 5.1 የወጣ። (መጀመሪያ ይለካ እሺ፣ ወንዝ ያመጣው አሸዋ ሁሉ አሲዳማ አይደለም፣ 6.5 ከወጣላችሁ ስለ ፒኤች መጨነቁን ተዉት።) 15 ሳንቲም ድረስ ብንቆፍር በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 225 ኪሎ አፈር አለ፣ ስለዚህ አንድ ኪሎ ባዮቻር ግማሽ ፐርሰንት እንኳን አይሞላም። ለማሳው በሙሉ 200 ኪሎ ይሆናል፣ ግን ደረቅ 200! ሲያጠፉት ውሃ የተደፋበት ከሰል ሩብ ክብደቱ ውሃ ከሆነ ሚዛን ላይ 267 ኪሎ ካልወጣ ጎድሏል።

«ከሰሉ ራሱ ፒኤቹ 9 ነው፣ አፈሩን ወዲያው ያነሳዋል»

9 የሚለው ቁጥር ከሰሉ ምን ያህል አሲድ ማጥፋት እንደሚችል አይናገርም። ሥራውን የሚሠራው በዋናነት አመዱ ውስጥ ያለው ካርቦኔትና መሰሎቹ ናቸው፣ ስለዚህ አፈር ላብራቶሪ ስትሄዱ የምትጠይቁት «ከኖራ ጋር ሲነጻጸር ስንት ፐርሰንት ነው?» ብላችሁ ነው። የባህር ዛፍ ከሰል ድቃቂ 5 ፐርሰንት ቢወጣ 200 ኪሎው የ10 ኪሎ ኖራን ሥራ ይሠራል። ማሳችን ከ5.1 ወደ 6 ለመድረስ 30 ኪሎ ኖራ ቢፈልግ ሲሶውን ብቻ ሄድን ማለት ነው፣ 5.4 አካባቢ። አመዱ የበዛ ሁሉ ደግሞ ኖራ አይደለም፣ የፎገራ የሩዝ ገለፈት ሲከሰል አመዱ ብዙ ነው ግን አብዛኛው ሲሊካ ስለሆነ ለአሲድ ብዙም አይጠቅምም፣ እምቦጭ በተቃራኒው ፒኤች በደንብ ያነሳል ግን ፖታሲየምና ጨው ይዞ ነው የሚመጣው።

ግምቱን ከማመን ሞክሮ ማየት ይሻላል። የራሳችሁን አፈር አድርቃችሁ አንድ አንድ ኪሎ በአራት ጣሳ አድርጉ፣ አንዱን ባዶ ተዉት፣ ለሌሎቹ 4.5፣ 9 እና 18 ግራም የተፈጨ ከሰል ጨምሩ፣ ይሄ በካሬ ሜትር 1፣ 2 እና 4 ኪሎ ማለት ነው። እርጥብ አድርጋችሁ (ጭቃ ሳይሆን) ለሦስት ሳምንት አቆዩትና አንድ እጅ አፈር በሁለት ተኩል እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ለኩ። በነጋታው የለካ ሰው ከአመዱ መጀመሪያ የሚሟሟውን ብቻ ነው የሚያየው፣ ቁጥሩ ያታልለዋል።

«ስፖንጅ ነው እኮ፣ ውሃ የምናጠጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ይሆናል»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያጋንነው። አንድ ኪሎ ከሰል ተክሉ ሊወስደው የሚችል ውሃ አንድ ሊትር ገደማ ይይዛል እንበል፣ ከዚያ በላይ የያዘው እንኳን ቢኖር ግማሹ ጥቃቅን ቀዳዳ ውስጥ ተወትፎ ሥር አያገኘውም። ስለዚህ 200 ኪሎ 200 ሊትር ነው፣ መሬቱ ላይ ሲሰፋ አንድ ሚሊሜትር። በበጋ ፀሐይ ሽንኩርት በቀን 4 ወይ 5 ሚሊሜትር ይጠጣል። ሩብ ቀን አተረፋችሁ፣ ያው ነው! ያ አሸዋ በ15 ሳንቲሙ ውስጥ ራሱ 12 ሚሊሜትር ገደማ ይይዝ ከነበረ ወደ 13 ከፍ አለ። ድቃቂ ከሰል በአሸዋ ቅንጣቶች መሃል ገብቶ ትልልቁን ቀዳዳ ስለሚያጠብ ትንሽ ሊጨምርበት ይችላል፣ ትልልቅ እንክብሉ ግን እንደዛ አያደርግም። አዲስ ደረቅ ከሰል ጭራሽ ውሃ ሊገፋ ይችላል፣ ጠብታ ስትጥሉበት ኳስ ሆና ከቀረች ቀድማችሁ ዘፍዝፉት።

በቆርቆሮ ለመሞከር ደግሞ አጭር ጣሳ አትጠቀሙ፣ ከታች ውሃ ተኝቶ ስለሚቀር ሁሉም አፈር ጎበዝ ይመስላል። ረጅም ቱቦ ይሻላል፣ ባዶ አሸዋና ከሰል ያለበት ጎን ለጎን፣ ሁለት ቀን አንጠፍጥፎ ከላይ ያለውን አፈር መዝኖ፣ አድርቆ እንደገና መመዘን።

«እንግዲያው አራት እጥፍ እንጨምራ»

በባህር ዛፉ ከሰል 800 ኪሎ ማለት 40 ኪሎ ኖራ ነው፣ ከሚያስፈልገው 30 አልፎ ፒኤቹን 6.3 አካባቢ ያደርሰዋል፣ ውሃውም 4 ሚሊሜትር። ይሄ ይቻላል። በ15 ፐርሰንት የእምቦጭ ከሰል ግን 120 ኪሎ ኖራ ይሆናል፣ አሸዋ ደግሞ ፒኤቹ እንዳይቀየር የመያዝ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ በአንዴ ከ7 በላይ ይወጣል፣ ከዚያ ብረትና ዚንክ ለተክሉ አይገኙም፣ ሰፊ ቅጠል ያለው እንደ ቃሪያ ያለ አትክልት ላይ የአዲሱ ቅጠል ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመሃላቸው ያለው ቢጫ ሲሆን ታዩታላችሁ። ስለዚህ ለውሃና ለፒኤች ለየብቻ አስሉና ትንሹን ውሰዱ። ያላችሁ 200 ኪሎ ብቻ ከሆነ መሬቱ ሁሉ ላይ ከመበተን የመደቡ ሲሶ ላይ፣ ተክሉ የሚቆምበት መስመር ላይ አድርጉት፣ እዚያ ግን መጠኑ በካሬ 3 ኪሎ መሆኑን አትርሱ፣ የጣሳ ሙከራውንም በ13 ግራም ድገሙት።