ቤት ሲሸጥ የሚመጡት ሁለት ግብሮች

መኖሪያ ቤት ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ግብሮች ይመጣሉ። ሰው አንድ ያደርጋቸዋል እንጂ ለየቅል ናቸው። የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር የሚነሳው በትርፉ ላይ ነው። የስም ማዛወሪያው ግብር ግን፣ ቴምብር ቀረጥም ይባል ሌላ፣ ትርፍና ኪሳራ አይጠይቅም፤ በሙሉ ዋጋው ላይ ይሰላል። ቤቱ በኪሳራ ቢሸጥም ይከፈላል። በብዙ አገር የሚከፍለው ገዢው ነው፣ የትርፉን ግብር ግን ሻጩ ይከፍላል።

ትልቁ ጥያቄ ትርፍ የሚባለው የቱ ነው የሚለው ነው። ቤቱ በ2,000,000 ተገዝቶ በ3,500,000 ተሸጠ እንበል። ላይ ላዩን ትርፉ 1,500,000 ይመስላል። ነገር ግን በብዙ ሕጎች ሲገዛ የተከፈለው የስም ማዛወሪያና የጠበቃ ወጪ በመነሻ ዋጋው ላይ ይደመራል፤ 100,000 ነበር እንበል። በኋላ 300,000 ወጥቶበት ክፍል ከተጨመረ እሱም ይደመራል። አሁን ለደላላ የተከፈለው 100,000 ደግሞ ከሽያጩ ይቀነሳል። ትርፉ 1,000,000 ሆነ ማለት ነው። ግብሩ 15 በመቶ ቢሆን 225,000 የነበረው ወደ 150,000 ይወርዳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ደረሰኝ ካለ ነው። አሥር ዓመት የቆየን ግንባታ በቃል ማስረዳት ከባድ ነው። ቀለም መቀባትና የተሰበረ ቧንቧ መቀየር ደግሞ እንደ ጥገና ስለሚታዩ አብዛኛውን ጊዜ አይደመሩም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ በመጻፍ ነው። ከሕገ ወጥነቱ ሌላ ሂሳቡም አያዋጣም። ያው ገዢ 3,500,000 ከፍሎ ውሉ ላይ 2,500,000 አስጻፈ እንበል። የስም ማዛወሪያው 4 በመቶ ከሆነ 40,000 ይተርፈዋል። በኋላ ቤቱን በ4,000,000 ሲሸጥ ግን መነሻ ዋጋው የተጻፈው ነው። በዚያው 15 በመቶ፣ ላላገኘው የ1,000,000 ትርፍ 150,000 ይገብራል። ግብር ሰብሳቢው በገበያ ግምት የማስላት ሥልጣን ካለው ደግሞ መጀመሪያውኑ 40,000ውም አይተርፍም።

ሻጩ የኖረበትን ቤት ከትርፍ ግብር ነፃ የሚያደርጉ አገሮች ጥቂት አይደሉም። ነፃነቱ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ለምሳሌ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በዋናነት የሚጠየቀው ከሽያጩ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ውስጥ በድምሩ 2 ዓመት የቤቱ ባለቤት ሆኖ መኖር ነው። ይህን ላሟላ ነጠላ ሻጭ እስከ 250,000 ዶላር ትርፍ አይገበርበትም። ከዚያ ያለፈው ግን ይገበርበታል። ቤቱ ተከራይቶ ከነበረና በእርጅና ስም ከኪራይ ገቢው ላይ የተቀነሰ ካለ፣ ለዚያ ያህሉ ትርፍ ነፃነቱ አይሠራም። ቤቱን ለቆ አከራይቶ ለመሸጥ ያሰበ ሰው ዓመቱን መቁጠር ያለበት ውል ከመፈረሙ በፊት ነው።