የካሽ አውት ዋጋ ከየት ይመጣል?

በአንድ ቡድን ማሸነፍ ላይ በ4.00 ኦድ 100 አስይዘሃል እንበል። ካሸነፈ 400 ይገባሃል። አሁን ቡድኑ 1 ለ 0 እየመራ ነው፤ ኦዱም ወደ 1.60 ወርዷል። አቋማሪው «አሁን ውጣ፣ 215 ውሰድ» ይልሃል፤ ካሽ አውት ማለት ይህ ነው።

ይህ ቁጥር ከኪስህ ካወጣኸው 100 ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የለውም። መነሻው 400ው እና የማሸነፍ ዕድሉ ናቸው። የዚያው ጨዋታ «አቻ ወይም ሽንፈት» ኦድ 2.30 ከሆነ፣ ከሁለቱ ኦዶች የአቋማሪው ትርፍ ሲቀነስ የቡድንህ ዕድል 59 በመቶ ገደማ ይሆናል። የ400 59 በመቶ 236 ነው። የጎደለው 21 የመውጫ ክፍያ ነው፤ ማንም ግን ክፍያ ብሎ አይጠራውም።

ማወዳደሪያ አለ። 400ን ለ2.30 አካፍል፤ 174 ይመጣል። ይህን በተቃራኒው ውጤት ላይ ብታስይዝ፣ ማንም ያሸንፍ ማን 400 ታገኛለህ። 174ቱ ሲቀነስ 226 ይቀርሃል። ስለዚህ 215ቱ ያንሳል። ችግሩ ተጨማሪ ገንዘብ በእጅህ መኖር አለበት፤ ኦዱም በሰከንድ ይቀየራል።

በብዙ ጨዋታ ትኬት ላይ ቅናሹ ብዙ ጊዜ ይብሳል።

ታዲያ መቀበል መቼ ያዋጣል? በሂሳብ ብቻ ከሄድን፣ ዕድሉ ከ54 በመቶ በታች ነው ብለህ በምክንያት ስታምን ነው፤ 215 ከ400 ያ ነውና። ፍርሃት ምክንያት አይደለም። ሌላው፣ ብሩ ቢጠፋ ኑሮህን የሚያናጋ ከሆነ ነው። ያኔ 21ዱን እንደ ኢንሹራንስ ቁጠረው። እርግጥ፣ እንዲህ ዓይነት ብር መጀመሪያውኑ ውርርድ ላይ መግባት አልነበረበትም።