አንድ ሰርኪውት ሲሙሌተር ላይ ሌላ፣ ሃርድዌር ላይ ሌላ፦ ስለ ንባብ ስህተት የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

ሰርኪውቷ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሰራት የቤል ሰርኪውት ናት፣ q0 ላይ ሀዳማርድ፣ ከዛ ከ q0 ወደ q1 ሲኖት፣ ከዛ ሁለቱንም መለካት። በሂሳቡ ግማሹ 00 ግማሹ 11 ነው፣ 01 እና 10 ጭራሽ አይመጡም። እውነተኛ ማሽን ላይ 4000 ሾት፣ ማለትም ሰርኪውቷን 4000 ጊዜ ደጋግማችሁ ስታስሮጡ ግን እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል እንበል፦ 00 → 1900፣ 01 → 180፣ 10 → 180፣ 11 → 1740። ቁጥሮቹን ስሌቱ እንዲቀል ብዬ ነው የመረጥኳቸው፣ መልኩ ግን ሱፐርኮንዳክቲንግ ኪውቢት ላይ የሚታየው ዓይነት ነው። ይሄን ውጤት ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚላቸው ነገሮች አሉ።

"ትክክለኛው 2000 ለ 2000 ነው፣ ከዛ ያለፈው ሁሉ ኖይዝ ነው"

ሲሙሌተሩም እኮ 2000 ለ 2000 አይሰጣችሁም። በሾት ካስሮጣችሁት እሱም ዕጣ ነው የሚያወጣው፣ መዋዠቁ ደግሞ √(4000 × 0.5 × 0.5) ማለትም 32 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 1960 ወይ 2045 ቢመጣ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ሁለት ሂስቶግራም ጎን ለጎን አድርጎ "ልዩነቱ ይሄ ነው" ከማለት በፊት የሲሙሌተሩን ፕሮባቢሊቲ ከስቴት ቬክተሩ በቀጥታ መውሰድ ይሻላል፣ አለበለዚያ ሁለት ዕጣ እርስ በርስ እያወዳደራችሁ ነው።

በዚህ መለኪያ 1740 ከ 2000 በስምንት እጥፍ መዋዠቅ ርቋል፣ በዕድል አይሆንም። ከሁሉም በላይ የሚናገሩት ግን 01 እና 10 ናቸው፣ ምክንያቱም ፕሮባቢሊቲያቸው ዜሮ ስለሆነ ሲሙሌተሩ ላይ የፈለገ ያህል ሾት ቢጨመር አንድም ጊዜ አይመጡም።

"01 እና 10 የመጡት ሲኖት ጌቱ ስለተሳሳተ ነው"

እሱ ትንሹ ድርሻ ነው። መጀመሪያ ምንም ጌት ሳታደርጉ ኪውቢቱን ዝም ብላችሁ ለኩት፣ ቀጥሎ X ጌት ብቻ አድርጋችሁ ለኩት። በዚህ ካሊብሬሽን 0 የነበረው ከመቶ 2 ጊዜ 1 ተብሎ ተነበበ እንበል፣ 1 የነበረው ደግሞ ከመቶ 6 ጊዜ 0 ተብሎ ተነበበ፣ ሁለቱም ኪውቢት ላይ እንደዚሁ።

አሁን ጌቶቹ ፍጹም ናቸው ብለን ንባቡ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ እናስላ። እውነተኛው 00 ከሆነ 01 ተብሎ የመነበቡ ዕድል 0.98 × 0.02 ነው፣ 1.96% መሆኑ ነው። እውነተኛው 11 ከሆነ ደግሞ 0.06 × 0.94 ነው፣ 5.64%። ሁለቱ ግማሽ ግማሽ ስለሚመጡ አማካዩ 3.8% ይሆናል፣ ከ 4000 ሾት 152 ማለት ነው። ማሽኑ ካሳየን 180 ውስጥ 152ቱን ንባቡ ብቻውን አመጣው፣ ለጌቱና ለሌላው የቀረው 28 ገደማ ነው። 00 ከ 11 የበዛበትም ምክንያት ከዚሁ ስሌት ይወጣል፣ ፍጹም ጌት ይዛችሁም 1928 እና 1768 ነበር የምታዩት።

"የንባብ ስህተቱ ለ0ም ለ1ም ያው ነው፣ አንድ ቁጥር ይበቃል"

2 እና 6 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። 1 ማለት ኃይል ያለበት ሁኔታ ነው፣ እየቆየ ራሱ ወደ 0 ይወርዳል፣ የሚወርድበት ጊዜ T1 ይባላል። T1 100 ማይክሮሰከንድ ሆኖ ንባቡ 1 ማይክሮሰከንድ ቢወስድ ከመቶ አንዱ እየተነበበ እያለ ይወድቃል። በተቃራኒው 0 እየተነበበ ሳለ ወደ 1 የሚወጣው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኪውቢት ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፣ አማካይ ብቻ ከወሰዳችሁ የ00 እና የ11 መዛነፍ ሳይስተካከል ይቀራል።

"ማትሪክሱን ገልብጬ አባዛለሁ፣ ውጤቱ ንጹህ ይሆናል"

ማትሪክሱ እነዚያ የካሊብሬሽን ቁጥሮች የተደረደሩበት ነው፣ ስሌቱም ይሄ ነው፦

```python
import numpy as np
A1 = np.array([[0.98, 0.06],
               [0.02, 0.94]])
A = np.kron(A1, A1)
p = np.array([1900, 180, 180, 1740]) / 4000
print(np.linalg.solve(A, p).round(3))
# [0.492 0.008 0.008 0.492]
```

ዓምዱ ያዘጋጃችሁት ነው፣ ረድፉ የተነበበው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ዓምድ ተደምሮ 1 መምጣት አለበት፣ ካልመጣ ማትሪክሱን አዙራችሁ ጽፋችሁታል ማለት ነው። እዚህ ሁለቱ ኪውቢቶች አንድ ዓይነት ስለሆኑ አልታየም እንጂ ሲለያዩ ቅደም ተከተሉ ጉድ ይሰራል፣ ኪስኪት ላይ በስተቀኝ ያለው ቢት q0 ስለሆነ የ q1 ማትሪክስ ነው በ kron ውስጥ ቀድሞ የሚገባው።

ውጤቱን እዩት፣ 00 እና 11 እኩል ሆኑ፣ 01 እና 10 ግን ዜሮ አልሆኑም፣ 0.8% 0.8% ቀርቷል። እሱ የጌት ስህተት ነው፣ ዲኮሄረንስ ነው፣ የመነሻ ሁኔታው ስህተትም ሊኖርበት ይችላል፣ የንባብ እርማት እነሱን አይነካም፣ መንካትም የለበትም። እርማቱ ሁሉንም ነገር አጽድቶ ካመጣላችሁ እንደውም ተጠራጠሩ።

ሌላው ደግሞ ኔጌቲቭ ፕሮባቢሊቲ ነው፣ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። 01 እና 10 በ180 ፈንታ 130 130 ቢመጡና 00 1950፣ 11 1790 ቢሆን ስሌቱ ለ01 -0.0065 አካባቢ ይሰጣል። ማትሪክሱ 152 ከንባብ ይመጣል ብሎ ስለሚጠብቅ 130 ሲያይ የሌለውን ይቀንሳል። ትንሽ ኔጌቲቭ ከሆነ የሾት መዋዠቅ ሊሆን ይችላል፣ ትልቅና ተደጋጋሚ ከሆነ ግን ካሊብሬሽኑ አርጅቷል፣ ወይ የአንዱ ኪውቢት ንባብ የሌላውን እየረበሸ ነው፣ እንደዛ ከሆነ kron አይሰራም፣ አራቱንም ሁኔታ ለየብቻ አዘጋጅቶ መለካት ያስፈልጋል። ኔጌቲቩን ወደ ዜሮ ቆርጦ አማካይ ማስላት ደግሞ ውጤቱን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፣ ለአማካይ ከሆነ የምትፈልጉት እንዳለ ተዉት።

እርማቱ ነጻም አይደለም። 00 እና 11ን +1፣ 01 እና 10ን -1 ብሎ በሚያሰላው የሁለቱ ኪውቢት የ ZZ አማካይ ላይ የስህተት ባሩ በ 1/0.92² ያህል ያድጋል፣ 18% ገደማ (0.92 የ A1 ዲተርሚናንት ነው)። ለሁለት ኪውቢት ምንም አይደለም፣ በ20 ኪውቢት ላይ ግን ያው ነገር ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ እሱን ለማካካስ ሾቱን ሃያ ስምንት እጥፍ ገደማ ማብዛት ነው።

"ከተስተካከለ በኋላ 49 ለ 49 መጣ፣ ስለዚህ ኢንታንግልመንት አለ"

ግማሹን ጊዜ 00 ግማሹን ጊዜ 11 አዘጋጅቶ የሚልክ ተራ ማሽንም ይሄንኑ ሂስቶግራም ይሰጣል። በዚህ ልኬት ፌዙ ጨርሶ አይታይም፣ ፌዙ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋም ቁጥሮቹ አይለወጡም። መለየት ከፈለጋችሁ ከመለካታችሁ በፊት ሁለቱም ኪውቢት ላይ ሀዳማርድ ጨምሩና ያንኑ እርማት አድርጉ። ትክክለኛ ቤል ስቴት አሁንም 00 እና 11 ግማሽ ግማሽ ይሰጣል፣ ተራው ድብልቅ ግን አራቱንም 25% 25% ያደርጋቸዋል። ሃርድዌሩ ከሁለቱ መሃል የሆነ ቦታ ላይ ይወድቃል፣ እዚህ ልኬት ላይ የሚቀሩት 01 እና 10 ከ0.8% በጣም ከበለጡ የፌዝ ስህተት አለ ማለት ነው፣ ያንን የመጀመሪያው ሂስቶግራም ላይ የፈለገ ብታፈጡ አታገኙትም።