«ደንቆሮ» ከመዝገብ ሲወጣ፦ ጅማ ላይ ስለ አካል ጉዳተኞች የምንጠቀምባቸው ቃላት

ጅማ ላይ በልዩ ፍላጎት ክፍል የሚያስተምሩ ጓደኞች አሉኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ምዝገባ ሲጀመር፣ ያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ይሄን ልጅ ምን ብለን እንጻፈው?» በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚነበብ ነገር ስላላገኘሁ ያለኝን ይዤ ጻፍኩት። ያለኝ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ጥቂት አዋጆች፣ አንድ የድሮ የተማሪዎች መዝገብና የሰው ወሬ ነው። ስለዚህ ስለ ጆሮ ብዙ አወራለሁ፣ ስለ ሌላው አጠር ይላል።

ከመዝገቡ ልነሳ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ከአንዲት ተማሪ ስም ጎን፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ጠርዙ ላይ «ደንቆሮ» የሚል ቃል አለ። የጻፈው ሰው ምናልባት ምንም ክፋት አላሰበም፣ አትሰማም ለማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉን የተረከበው አዲስ አስተማሪ ግን ቃሉን ሌሎቻችን በምናውቀው ትርጉሙ አነበበው። ትምህርት የማይገባት መሰለው። ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ልጅቷ የአስተማሪውን ከንፈር በማየት ትንሽ ትከታተል ነበር፣ ከኋላ ሆና ግን ያንንም አጣችው። ውጤቷ ሲወርድ «ይኸው፣ ተጽፎ ነበር እኮ» ተባለ። ነገሩ የታወቀው አጎቷ ትምህርት ቤት መጥቶ «ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ አትሰማም፣ ለምን ከኋላ ተቀመጠች?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ቃሉ የተጣለው ስድብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መረጃ መስጠትም አቁሟል። «ደነቆረ» የሚለው ግስ ዛሬም ከጆሮ ጋር ነው፣ «ጩኸቱ አደነቆረኝ» እንላለን። «ድንቁርና» ስንል ግን ማንም ስለ ጆሮ አያስብም፣ አለማወቅ ማለት ሆኗል። «ደንቆሮ» በሁለቱ መሃል ተንጠልጥሎ ቀረ። አንድ ቃል ሁለት ነገር ከተናገረ፣ አንዱም ስድብ ከሆነ፣ ስድቡ ነው የሚያሸንፈው። ተረትና ምሳሌው ደግሞ ያግዘዋል። «እውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» እያሉ ያደጉ ሰዎች «እውር» ሲሉ ዓይን ብቻ እያወሩ እንዳልሆነ ያውቁታል።

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በኦሮምኛ «ዱዳ» ብዙ ጊዜ የማይሰማ ማለት ነው፣ በአማርኛ ግን «ዱዳ» ወይም «ዲዳ» የማይናገር ነው። ሐሙስ ገበያ ሕርማታ ላይ አንዲት እናት ስለ ልጇ «ዱዳ ነው» ብትል ጆሮውን ማለቷ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ለለመደ መዝጋቢ ግን አፉ ነው። የማይሰማ ልጅ የማይናገር ተብሎ ይመዘገባል፣ ወይም ሁለቱም ይጻፍበታል። ብዙዎቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች ድምፅ አላቸው፣ ንግግር ያልለመዱት ስላልሰሙት ነው። «መስማትና መናገር የተሳነው» የሚለውን ለሁሉም የሚለጥፉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ስለዚህ እናትየዋን «ስትጠሪው ዞር ይላል?» ብሎ መጠየቅ ቃሉን ከመተርጎም ይሻላል።

አሁን ወደተተኩት ቃላት። አማርኛ እዚህ ላይ ብልህ ነው እላለሁ፣ የራሴ ቋንቋ ስለሆነ ላዳላ እችላለሁ። ለዓይን ወደ ግዕዝ ሄደ። «ስውር» የተሸፈነ፣ የተሰወረ ነው፣ «ዓይነ ስውር» ደግሞ ዓይኑ የተሰወረበት። «እውር»ም ግዕዝ ነው፣ ግን ምሳሌና እርግማን ሲጎትተው የኖረ ቃል ስለሆነ ተጣለ። «ዓይነ ስውር» ከተረትና ምሳሌ ውጪ ስለነበር ንጹሕ ሆኖ መጣ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው፣ ለመልመዱም ሳያግዝ አልቀረም።

ለጆሮ ደግሞ ሌላ መንገድ ተያዘ፦ «መስማት የተሳነው»። ግሱን ልብ በሉት። «ተሳነው» ሲባል ሰውየው አድራጊ አይደለም፣ መስማቱ ነው እምቢ ያለው። «ደንቆሮ» ሰውየውን ራሱን ይሰይማል፣ «መስማት የተሳነው» ግን የደረሰበትን ነገር ነው የሚናገረው። ከዚያም ከሰዉ ጋር ይለዋወጣል፦ የተሳናት፣ የተሳናችሁ፣ ለታላቅ ሰው የተሳናቸው። «ደንቆሮ»ን በአክብሮት እርቡት ብትሉ እንዴት አድርጎ? ጉድለቱ ርዝመቱ ነው፣ የመዝገብ ጠባብ ዓምድ ውስጥ አይገባም። መዝጋቢዎች ወደ አሮጌው ቃል የሚመለሱት አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው። «መ.የ.» ብለው የሚያሳጥሩ አይቻለሁ፣ ያም ከቀይ እስክሪብቶው ይሻላል። በሌላ በኩል በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ ሰዎች «ተሳነ» የሚለውን ሁሉም አይወዱትም። እኛ ቋንቋ አለን፣ ምን ተሳነን ይላሉ። እኔ ግን ለጊዜው የተሻለ አጭር ቃል አላየሁም።

ሦስተኛው ስልት «-ኛ» ነው፣ አካል ጉዳተኛ። ከእሱ በፊት «አካለ ስንኩል» የሚለው በወረቀት ላይ ይጻፍ ነበር፣ «ተሰናከለ» ከሚለው ነው የመጣው። እሱም ሲወጣ ከ«ሽባ» እና «አንካሳ» የተሻለ ተብሎ ነበር። የእኛ ኦሮምኛ «ቃማ ሚዳማ» ሲል ቃል በቃል ከ«አካል ጉዳተኛ» ጋር ይገጥማል፣ ጅማ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ማስታወቂያ ለሚለጥፍ ሰው ይመቻል። ከዚህም በኋላ «አካል ጉዳት ያለበት ሰው» የሚል መጥቷል፣ ሰውን ለማስቀደም ነው። እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ።

ሕጉ ቃሉን ይከተላል ወይስ ይመራል የሚለው ያከራክራል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 340 መስማትና መናገር የማይችሉትንና ዓይነ ስውራንን፣ ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ፣ ለአእምሮ ሕመምተኞች የተሰጠውን ጥበቃ መጠየቅ ይችላሉ ይላል። አንድ ከረጢት ውስጥ ነበሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ላይ «የአካል እና የአእምሮ ጉዳተኞች» አለ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጁ ቁጥር 568/2000 ነው፣ ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ኢትዮጵያ በ2002 አጸደቀች።

«ቆማጣ» የሚለው ከ«ቆመጠ» ነው፣ የተቆረጠ ጣትን ያያል። ምትኩ «የሥጋ ደዌ ተጠቂ» ነው። በሽታው በመድኃኒት ስለሚድን የዳነውን ሰው «ተጠቂ» ማለትም እያወዛገበ ነው፣ ለዚህ ነው «ቀድሞ ተጠቂ» የሚባለው። «እብድ» በ«የአእምሮ ሕመምተኛ» ተተካ። ስድብ ግን የሆስፒታል ስምንም አይምርም፣ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ምስክር ነው።

«ዘገምተኛ»ን ግን ማለፍ አልችልም። ከ«ጅል» እና ከ«ቂል» ለመሸሽ የመጣ ቃል ነበር፣ ሰውየው ዘገየ እንጂ ሞኝ አልተባለም። ልጆች ሜዳ ላይ «አንተ ዘገምተኛ» ማለት ሲጀምሩ አለቀ። አሁን «የአእምሮ እድገት ውስንነት» እንላለን። ረጅም ስለሆነ ለስድብ አይመችም፣ ይህ ብቻውን ጥቂት ዓመት ያቆየዋል ብዬ እገምታለሁ።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። ከአጎቷ ጥያቄ በኋላ አስተማሪው ቀዩን ቃል ሰረዘው። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «መስማት የተሳናት። ከፊት ትቀመጥ። ሲናገሩ ፊትን ወደ እሷ ማዞር» ብሎ ጻፈ። ዘንድሮ ለምዝገባ በምንጠቀምበት ቅጽ ላይ ከ«የጉዳት ዓይነት» ቀጥሎ «ምን ይደረግላት» የሚል ዓምድ የጨመርነው እሱን አይተን ነው።