የደራሲና ዓመት ማጣቀሻ ምንድን ነው? ከቁጥሩስ በምን ይለያል?

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ይህችን ዓመት ያዙልኝ። አንድ የባሕር ዳር ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ እንዲህ አለ እንበል፦ «የሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ከአረም የጸዳ ነው (እገሌ፣ 2010)»።

ጉዳዩን የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይነቃል። ጥናቱ የወጣው የአረሙ ወሬ ከመሰማቱ በፊት ነው። ማን እንዳለውና መቼ እንዳለው እዚያው ዓረፍተ ነገሩ ላይ ስላለ፣ ገጽ መግለጥ አላስፈለገውም። የደራሲና ዓመት ማጣቀሻ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው። ያው ዓረፍተ ነገር በቁጥር ማጣቀሻ፣ ማለትም መጨረሻ ገጽ ካለው የምንጮች ዝርዝር ተራ ቁጥሩን ብቻ በሚጠቅስ [4] ቢያልቅ ግን አንባቢው ወይ አምኖ ያልፋል፣ ወይ መጨረሻ ገጽ ድረስ ሄዶ ያያል። አብዛኛው ሰው አምኖ ያልፋል።

እኛ አገር አንድ ችግር አለ። ያ 2010 ዓ.ም. ቢሆንስ? በፈረንጆቹ 2017/18 ነው፤ እምቦጩ ሐይቁን ወርሮ አገር ሲጮህ ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥናቱ አርጅቶ ሳይሆን፣ ከሚታየው ጋር የሚጋጭ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ስልት የሚጽፍ ሰው አንድ አቆጣጠር ይምረጥና እስከ መጨረሻው በሱ ይጻፍ፤ ካልሆነም ከየዓመቱ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይበል። በስምም እንዲሁ ነው። ጽሑፉ ውስጥ በራሱ ስም የተጠራ ደራሲ ዝርዝሩ ላይ በአባቱ ስም ከተቀመጠ አንባቢው ፈልጎ አያገኘውም።

ደግሞ ዓመቱ የኅትመት ዓመት መሆኑ አይዘንጋ። መረጃው ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ቀድሞ የተሰበሰበ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ የሚሻለው መቼ ነው? የሐይቁን ውኃ ናሙና በላብራቶሪ እንዴት እንደለካችሁ ስትጽፉ፣ ለአንድ ሐረግ አምስት ምንጭ ይኖራችኋል። አምስት ስም ከነዓመቱ ቢደረደር ዓረፍተ ነገሩ ይበጣጠሳል። [5–9] ግን ዓይን አያደናቅፍም። እዚህ ቦታ አንባቢው የሚፈልገው ዘዴውን እንጂ ማን መቼ እንዳለው አይደለም።

የቁጥሩ አደጋ ስሕተቱ አለመታየቱ ነው። በእጅ ቁጥር ስትሰጡ ቆይታችሁ መሐል ላይ አንድ ምንጭ ብትጨምሩ፣ ዝርዝሩ ላይ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል። [7] ስለ ዓሣ የተጻፈውን ትቶ ስለ ደለል ወደተጻፈው ይጠቁማል፤ ለአንባቢው ግን ያው ቁጥር ነው። ምልክቱን እንዲህ ፈልጉ፦ ቁጥር በአመጣጥ ቅደም ተከተል ስለሚሰጥ፣ አዳዲሶቹ ቁጥሮች 1፣ 2፣ 3 እያሉ መሄድ አለባቸው። 4 ሳይመጣ 5 ብቅ ካለ የተነካካ ነገር አለ። ቅደም ተከተሉ ልክ ሆኖም ምንጩ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል፣ ከየምዕራፉ ጥቂት ቁጥሮችን መርጣችሁ ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ። ዞቴሮን የመሰለ የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ብትጠቀሙ ቁጥሩን ራሱ ያስተካክለዋል።

ትምህርት ክፍሉ ስልቱን ከወሰነላችሁ በዚያው ሂዱ። ምርጫው የእናንተ ከሆነ ግን፣ እንደ ጣና ዓመት በዓመት ስለሚለዋወጥ ነገር ስትጽፉ እኔ የደራሲና ዓመቱን እመርጥላችኋለሁ።