ከአምና ወይስ ካለፈው ሳምንት? የወሎ ነጋዴ ሽያጩን በምን ይለካ

ሽያጭ ጨመረ ወይም ቀነሰ ስንል ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ጋር እያነጻጸርን ነው። ያ የምናነጻጽርበት ቁጥር መነሻ ይባላል። በተለምዶ ሁለት ዓይነት መነሻ አለ። አንዱ ያለፈው ሳምንት ነው፤ ይህን የሳምንት ንጽጽር እንበለው። ሌላው አምና ይኼን ጊዜ የተሸጠው ነው፤ ይህ የዓመት ንጽጽር ነው። ዓመቱን ሙሉ እኩል ለሚሸጥ ንግድ ሁለቱም ያገለግላሉ። በጾምና በበዓል፣ በገበያ ቀንና በአዝመራ ለሚወጣና ለሚወርድ ንግድ ግን ሁለቱም ሊያሳስቱ ይችላሉ። ወሎ ውስጥ አብዛኛው ንግድ እንዲህ ያለ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ባቲ የታወቀችው በሰኞ ገበያዋ ነው። ደገኛውም ቆለኛውም፣ ከአፋር በኩል የሚመጣውም ሰኞ ባቲ ይገናኛል። እዚያ የሚሸጥ ሰው የወር ገቢውን የሚያገኘው በሰኞዎቹ ነው። አሁን የኅዳርን ሽያጭ ከአምናው ኅዳር ጋር ያነጻጽር። በ2016 ኅዳር ቅዳሜ ስለገባ ሰኞዎቹ 3፣ 10፣ 17 እና 24 ነበሩ፤ አራት። በ2017 ኅዳር እሑድ ገባ። ሰኞዎቹ 2፣ 9፣ 16፣ 23 እና 30 ሆኑ፤ አምስት። በየሰኞው የሚሸጠው ምንም ሳይለወጥ የወሩ ሽያጭ በ25 በመቶ አደገ ማለት ነው። አንድም ደንበኛ አልጨመረም፤ የጨመረው ሰኞ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወርን ከወር ሳይሆን ሳምንትን ከሳምንት ማነጻጸር፣ ወደ ኋላ ሲቆጠር ደግሞ ልክ 52 ሳምንት መቁጠር። 52 ሳምንት 364 ቀን ስለሆነ ሰኞ ከሰኞ ጋር ይገጥማል። የ2017 ኅዳር 2 ሰኞ የሚነጻጸረው ከ2016 ኅዳር 3 ሰኞ ጋር ነው። ጳጉሜንም በዚህ ትድናለች። አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን ወር ከሠላሳ ቀኑ ነሐሴ ጋር አነጻጽሮ «ገበያው ሞተ» የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል።

ይህ ዘዴ ግን ፋሲካ ላይ ሲደርስ ይሰበራል።

የደሴዋ ቅቤ ነጋዴ

ደሴ ውስጥ ቅቤ የሚሸጡ አንዲት እናት አውቃለሁ። የየቀኑን ሽያጭ በኪሎ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ይህ ብዙ ነጋዴ የማያደርገው ነገር ነው። በ2017 ከፋሲካ በኋላ ደብተሩን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ዘንድሮ ሠራሁ ወይስ ከሰርኩ? እኔ አልገባኝም» አሉኝ። ግራ የገባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቁጥሮቹን እዚህ ለማስረዳት እንዲመቹ አጠጋግቼ ላቅርባቸው።

በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ከሆሳዕና እሑድ እስከ ቀዳም ሥዑር፣ ማለትም ከሚያዝያ 5 እስከ 11፣ 160 ኪሎ ሸጡ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት 45 ኪሎ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ 70 ኪሎ። በሳምንት ንጽጽር ብናየው ሽያጩ መጀመሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ዘለለ፤ ቀጥሎ ከግማሽ በላይ ወደቀ። ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። ግን ስለ ሱቁ ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ፋሲካ መጥቶ መሄዱን ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ለማወቅ ደብተር አያስፈልግም።

እሺ፣ ከአምና ጋር እናነጻጽር። በ2016 ከሚያዝያ 5 እስከ 11 የተሸጠው 40 ኪሎ ነው። ዘንድሮ 160። አራት እጥፍ! ትንሽ ወረድ ብለን ከሚያዝያ 20 እስከ 26 ያለውን ስናይ ደግሞ አምና 180 ኪሎ፣ ዘንድሮ 75 ነው። ግማሽ እንኳ አልሞላም። በአንድ ወር ውስጥ አራት እጥፍ ማደግና ከግማሽ በላይ መውደቅ እንዴት አብረው ይሆናሉ?

ምክንያቱ ፋሲካ መዞሩ ነው። በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። ስለዚህ የ2016 ሚያዝያ 5 ገና ሁዳዴ መሀል ነው። የ2017 ሚያዝያ 5 ደግሞ ሆሳዕና ነው። በቀን ቁጥር አንድ ሆኑ እንጂ በገበያ አይገናኙም። 52 ሳምንት ወደ ኋላ ብንቆጥርም ያው ነው፤ በሁለቱ ፋሲካዎች መካከል የ15 ቀን ልዩነት አለና።

ትክክለኛው መነሻ የሚገኘው ሳምንቱን በወር ስም ሳይሆን ከፋሲካ ባለው ርቀት ስንጠራው ነው። ሕማማት «አንድ ሳምንት ሲቀረው» ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው «ሁለት ሳምንት ሲቀረው»፣ እያለ እስከ ጾሙ መግቢያ ይሄዳል። የሁለቱ ዓመት ደብተር በዚህ መንገድ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሕማማት ከሕማማት ጋር ይገናኛል። አምና 180፣ ዘንድሮ 160። ሽያጩ አራት እጥፍ አላደገም፤ ከግማሽ በታችም አልወረደም። በ11 በመቶ ግድም ቀንሷል። ለቀጣዩ ዓመት ስንት ኪሎ እንደሚገዛ የሚወሰንበት ቁጥር ይህ ነው።

ቅነሳው ከየት መጣ?

እዚህ ላይ የሳምንት ንጽጽር ተመልሶ ይጠቅማል። ብቻውን ሳይሆን ከአምናው ዝላይ ጋር ሲነጻጸር ነው የሚጠቅመው። አምና ሁለት ሳምንት ሲቀረው 50 ኪሎ ነበር፣ በሕማማት 180 ሆነ፤ 3.6 እጥፍ። ዘንድሮ ከ45 ወደ 160 ሄደ፤ ይህም 3.6 እጥፍ ግድም ነው። የበዓሉ ዝላይ ከአምናው እኩል ነው ማለት ነው። ሰው ለፋሲካ ቅቤ መግዛቱን አልተወም። ቅነሳው ከበዓሉ በፊትም ነበረ፤ 50 የነበረው 45 ሆኗልና። ወደ ኋላ እየገለጥን ስንሄድ ልዩነቱ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ መሆኑን አየን። «እንዴ፣ ያኔ ነው እኮ እታች መንገዱ ላይ ያ አዲሱ ቅቤ ቤት የተከፈተው!» አሉ። ደብተሩ ይህን ስም ጠርቶ አይናገርም። ሳምንቱን ግን ጠቆመ፤ የቀረውን ባለ ሱቋ ያውቁታል።

የበዓሉ ዝላይ ራሱ ቀንሶ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ሌላ ይሆን ነበር። ቅቤው ዘግይቶ ደረሰ ወይ? ዋጋው የበዓል ሸማቹን አሸሸው ወይ? ስለዚህ ሁለቱን ንጽጽሮች ማጣመር ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ይለያል።

አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። እሳቸው የጻፉት በኪሎ ባይሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አናገኘውም ነበር። አምና ኪሎው 800 ብር፣ ዘንድሮ 1,000 ብር ነው ብለን እናስብ። የአምናው ሕማማት 144,000 ብር ይመጣል፤ የዘንድሮው 160,000። በብር 11 በመቶ እድገት፣ በኪሎ 11 በመቶ ቅናሽ። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ በብር ብቻ የሚደረግ የዓመት ንጽጽር እየከሰረ ያለውን ሰው ደስ ያሰኘዋል። ብሩ ለግብርና ለብድር ይያዝ፤ ለንጽጽር ግን ኪሎ፣ ቁና፣ ጥንድ ዶሮ፣ የአልጋ ሌሊት ይቆጠር።

ሁለት የሚዞሩ በዓላት

ወሎ ውስጥ ፋሲካን ብቻ ይዞ መቁጠር አይበቃም። የቅቤ ነጋዴዋ ደንበኞች እስላምም ክርስቲያንም ናቸው። በሁዳዴ ሱቁን ክፍት የሚያደርጉት በአብዛኛው ሙስሊም ደንበኞቻቸው ናቸው። የእስልምና ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ረመዳንና ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደሙ ይመጣሉ። ፋሲካ ደግሞ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል።

በ2016 ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ዋለ፤ ፋሲካ ሊደርስ 25 ቀን ሲቀረው። በ2017 መጋቢት 21 ዋለ፤ 21 ቀን ሲቀረው። ሁለቱ ስለተቀራረቡ በፋሲካ ብቻ መቁጠሩ ለእነዚህ ዓመታት ብዙም አልጎዳም። ይህ ግን የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል፣ ኢድ ግን መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ይሆናል። የኢዱ ገበያ ወደ ሁዳዴ መግቢያ ይሸሻል። ያኔ «አራት ሳምንት ሲቀረው» የሚለው መስመር በድንገት ሲወርድ ባለ ሱቋ ሊደነግጡ ይችላሉ። መድኃኒቱ የኢድን ሳምንት ከመስመሩ አውጥቶ ለብቻው መያዝ ነው፤ ኢድ ከኢድ ጋር፣ ሕማማት ከሕማማት ጋር። የቀሩት ተራ ሳምንታት ደግሞ እርስ በርሳቸው።

ቀናቸው የማይዞር በዓላት ያሏቸው ቦታዎች በዚህ በኩል ቀለል ይላቸዋል። የግሸን ማርያም ንግሥ መስከረም 21 ነው። የላሊበላ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ብቻ፣ እንደ 2016ቱ፣ 28 ይውላል። ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የገናን ሳምንት ከአምናው ገና ጋር ማነጻጸር ቀላል ነው። የላሊበላ ችግር ሌላ ነው። የትኛው ዓመት ነው መነሻ የሚሆነው?

በ2012 መጋቢት ኮሮና ገባ። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፣ በ2014 መጀመሪያ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ። እንዲህ ባለ ዓመት ላይ የቆመ የዓመት ንጽጽር ሁሉ እድገት ይመስላል። አንድ ማረፊያ በ2011 ገና ስምንት ክፍል አከራየ፣ በ2014 ሁለት፣ በ2015 አራት እንበል። ከ2014 ጋር ሲነጻጸር እጥፍ አደገ። ከ2011 ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ላይ ነው። አበዳሪ ዘንድ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይዞ መሄድም፣ ለራስ እሱን ብቻ ማመንም አደጋ አለው።

በእኔ እምነት ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ። የተሰበረውን ዓመት ከደብተር አትሰርዙት፤ ከጎኑ ምን እንደሆነ በአንድ ቃል ጻፉበት። መነሻ ስትመርጡ ግን ዝለሉት፤ ከተቻለም የሁለት ወይም የሦስት ደህና ዓመታትን አማካይ ውሰዱ። የወሎ ደጋ በልግ ሲቀርም እንደዚሁ ነው። በሰኔና በሐምሌ ከበልግ አዝመራ የሚገኘው ገንዘብ ካልመጣ ገበሬው ለልብስም ለቆርቆሮም አይወርድም። ያን ክረምት ከደህናው ክረምት ጋር አነጻጽሮ ሱቅ ጠባቂውን መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

የደሴዋ እናት አሁን ከቀኑ ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ ዓምድ አስምረዋል። «ለፋሲካ ስንት ሳምንት ቀረው» ይላል። ከጎኑ ደግሞ ኢድ ሲሆን «ኢ»፣ መንገድ ሲዘጋ «መ»፣ ቅቤ ሳይመጣ ሲቀር «የለም» ብለው ይጽፋሉ።